የውጭው ኤሲ ማራገቢያ "እምምም" ይላል እንጂ አይዞርም፤ በእንጨት ሲገፉት ግን ይነሳል

እመ_ናሆም (ሲልቨር ስፕሪንግ) ሐሙስ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ከሥራ ስገባ ቤቱ እንደ ምጣድ ግሏል። ቴርሞስታቱን 74 ፋራናይት ላይ ነው የተውነው፣ እሱ ግን 83 ይላል። ከየክፍሉ ቀዳዳ አየር ይወጣል፣ ቅዝቃዜ ግን የለውም። ጓሮ ወጥቼ ትልቁን ሳጥን ሳየው ከላዩ ያለው ማራገቢያ ቆሟል። ድምፅ ግን አለው፤ እንደ ንብ ቀፎ "እምምም" ይላል። ጥቂት ደቂቃ እንደዚያ ያደርግና ከውስጥ አንድ ነገር "ጠቅ" ብሎ ድምፁ ይቀንሳል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይጀምራል።

ባለቤቴ ቀጭን እንጨት በፍርግርጉ አሾልኮ ክንፉን ገፋ ቢያደርገው ተነስቶ መዞር ጀመረ! ቤቱም ቀዘቀዘልን። ሌሊት ጠፍቶ ጠዋት ሲበራ ግን ያው ሆነ። አንድ ባለሙያ በስልክ ጠይቀን ሳያየው "ሞተሩ አልቆለታል፣ 900 ዶላር" አለን። እውነት ሞተሩ ነው? ቤቱን ከገዛን ሁለት ዓመታችን ነው፤ ኤሲው ከኛ በፊት የነበረ ነው።

የካዛንቺስ_ልጅ

ካፓሲተር ነው፣ መቶ በመቶ። በእንጨት ገፍተሽ ከተነሳ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። የጎኑን ክዳን ፈትታችሁ እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ያለውን ነገር ታገኛላችሁ፤ የተጻፈበትን ቁጥር አይታችሁ ልክ እሱኑ ግዙ። እኔ ባለፈው ዓመት በ18 ዶላር ጨርሻለሁ። ብሬከር አጥፍቶ አሥር ደቂቃ ነው። 900 የሚጠይቁት መኪናቸው ውስጥ ሞተር ስላለ ነው 😀

ጥበቡ_ዳላስ

እመ ናሆም፣ ይህን እንዳነበብሽ ኤሲውን ከቴርሞስታቱ አጥፊው። "ጠቅ" የሚለው ነገር ነው ያሳሰበኝ። ማራገቢያው ቆሞ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰር ሲሠራ ሙቀቱ የሚወጣበት የለውም፤ የጋዙ ግፊት ይወጣል፣ ኮምፕሬሰሩ ይግላል፣ በመጨረሻ መጠበቂያው ይቆርጠዋል። ቀዝቀዝ ሲል ይመልሰዋል፣ እንደገና ይቆርጣል። ማራገቢያ ርካሽ ነው፤ ኮምፕሬሰር ከተቃጠለ ግን ያን ጊዜ 900 ዶላሩን ትናፍቂዋለሽ።

አሁን ስለ ድምፁ። ይህ ሞተር ሁለት ጥቅልል ሽቦ አለው። ዋናው ጥቅልል ብቻውን ሲሆን የሚዞረውን ሮተር ወደ ግራም ወደ ቀኝም እኩል ነው የሚስበው፤ ስለዚህ ባለበት ቆሞ ይንቀጠቀጣል። የምትሰሚው "እምም" እሱ ነው። ሁለተኛው ጥቅልል ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው በካፓሲተሩ በኩል ነው፣ ካፓሲተሩም ጊዜውን ከዋናው ያፋልሰዋል። ሞተሩ በየት በኩል እንደሚዞር የሚያውቀው በዚህ መፋለስ ነው። ካፓሲተሩ ሲደክም አቅጣጫ የሚሰጠው ይጠፋል፤ የባለቤትሽ እንጨት የሠራው ያንን ሥራ ነው። በተቃራኒው ቢገፋው ኖሮ በተቃራኒው ይዞር ነበር፣ አየሩም ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ ታች ይነፍስ ነበር። እንጨቱን ከእንግዲህ ተዉት፤ ክንፉ እጅ ይቆርጣል።

የካዛንቺስ ልጅ ያለው ሳይሆን አይቀርም፣ መቶ በመቶ ግን አልልም። ካፓሲተሩ ደህና ሆኖ ወደሱ የሚሄደው ሽቦ ጫፉ ተቃጥሎ ቢላቀቅም ምልክቱ ያው ነው። ኩሺኔታው የደረቀ ሞተርም ሲገፉት አንዳንዴ ይነሳል። ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት ብሬከሩን አጥፊ፣ በግድግዳው ላይ ካለችው ትንሽ ሳጥንም መንቀያውን ሳቢ፤ ከዚያ ክንፉን በእንጨቱ በቀስታ ግፊውና ተመልከቺ። ጤነኛ ከሆነ ዝም ብሎ ብዙ ዙር ይንሳፈፋል። ወዲያው ከቆመ ወይም ካንቋቋ ጉዳዩ ሌላ ነው።

ሻርጃ_ነኝ

ጋሽ ጥበቡ፣ የኔም እንዲሁ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ስፕሊት፣ የውጭው ማራገቢያ አይዞርም። ሱቁ ካፓሲተር ሸጠልኝ፣ ከፍቼ ብፈልግ የሚገባበት ቦታ አጣሁ። ከሞተሩ አምስት ቀጫጭን ሽቦ ወጥቶ ቀጥታ ቦርዱ ላይ ይሰካል። ካፓሲተሩን የት ልሰካው?

ጥበቡ_ዳላስ

የትም እንዳትሰካው! ያንተ ኢንቨርተር ነው፤ ሞተሩ ሌላ ዓይነት ነው፣ የሚያዞረው ቦርዱ ነው፣ እንዲህ ዓይነት ካፓሲተር የለውም። ከእመ ናሆም ጋር የሚያመሳስላችሁ አለመዞሩ ብቻ ነው። "እምም" ይላል ወይስ ዝም ነው? ደግሞ ቦርዱን አትንካካው፤ ከጠፋ በኋላም ለደቂቃዎች ኤሌክትሪክ ይይዛል። ያ ሱቅ ብርህን ከመለሰልህ ካፓሲተሩን መልስ።

ሻርጃ_ነኝ

ዝም ነው። ሱቁ አይመልስም 😔

እመ_ናሆም አርብ ጠዋት

ጋሼ፣ አጥፍተን ሞከርነው። ይዞራል፣ ግን ብዙ አይንሳፈፍም፤ አራት አምስት ዙር ሄዶ ይቆማል። ጆሮዬን ሳስጠጋ በጣም ትንሽ የመፋተግ ነገር ይሰማኛል፣ ወይም እየጠረጠርኩ ስለሆነ ይሆናል። ባለቤቴ ክዳኑን ሊፈታ ነው። ወንድሙ "በካቻቢቴ አጋጭተህ አራግፈው" ብሎታል። ይህ ማራገፍ የሚባለው ምንድን ነው? ብሬከሩ ከጠፋ በኋላም ይይዛል?

ኤሌክትሮን

በካቻቢቴ ማጋጨት ድሮ ሁላችንም ያደረግነው ነው፣ ጥሩ ነው ማለት ግን አይደለም። ብልጭታው ዓይን ላይ ይመጣል፣ የካፓሲተሩንም ጫፍ ያቀልጣል። ሬዚስተር ተጠቀሙ።

ጥበቡ_ዳላስ

ልክ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ፣ ሰው የሚሸወድበት ቦታ ስለሆነ።

ማራገፍ ማለት ካፓሲተሩ የያዘውን ኤሌክትሪክ ማፍሰስ ነው። ሽቦው ሁሉ በቦታው ካለ ካፓሲተሩ የያዘውን አብዛኛውን ጊዜ በሞተሮቹ ጥቅልል በኩል ራሱ ያፈስሰዋል። መቶ ጊዜ ከፍተሽ ባዶ ታገኚዋለሽ፤ ከዚያ ትዘናጊያለሽ። ሽቦው ተቃጥሎ በተላቀቀበት ቀን ግን የሚያፈስበት መንገድ የለውም፣ ሞልቶ ይጠብቅሻል። ሰው ክዳን የሚፈታው ደግሞ ነገር በተበላሸበት ቀን ነው። እኔ ክርኔ ድረስ የተመታሁት በሙያው ስምንተኛ ዓመቴ ላይ ነው፣ በመጀመሪያው ዓመት አይደለም።

ቴርሞስታቱን ማጥፋት አይበቃም። ብዙዎቹ የቤት ኤሲዎች ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያበራና የሚያጠፋው ኮንታክተር ከሁለቱ መስመሮች አንዱን ብቻ ነው የሚቆርጠው፤ ሁለተኛው መስመር ማራገቢያው ቆሞም ሕይወት አለው። ስለዚህ ብሬከር፣ ከዚያ የግድግዳው መንቀያ፣ ከዚያ ክዳኑን ፈትቶ በቴስተር በኮንታክተሩ ላይ ቮልት አለመኖሩን ማየት። ቴስተሩን አስቀድማችሁ ሕይወት ያለው ሶኬት ላይ ሞክሩት፣ ራሱ ሞቶ እንዳይሆን።

ካፓሲተሩ ላይ ሦስት ጫፍ ታያላችሁ፦ "ሲ" የሁለቱ የጋራ ነው፣ "ፋን" የማራገቢያው፣ "ኸርም" የኮምፕሬሰሩ። 20 ሺህ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር በፕላስቲክ በተሸፈነ ፒንሳ ይዛችሁ ከሲ ወደ ኸርም፣ ከዚያ ከሲ ወደ ፋን፣ በየተራ አሥር ሰከንድ ያህል አስነኩ። በቴስተሩ ዜሮ አካባቢ መድረሱን እዩ። ከዚያ በፊት ጣት አይገባም።

ሽቦ ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ፤ አንዱን ከቅርብ፣ አንዱን ከራቅ አድርጋችሁ። የሽቦ ቀለም በየፋብሪካው ይለያያል፣ እኔ ከዚህ ሆኜ "ቡናማው እዚህ" ብዬ አልነግራችሁም። ከዚያ ሽቦዎቹን ነቅላችሁ ቴስተሩን የካፓሲተር አቅም በሚለካው ማይክሮፋራድ ላይ አድርጉና ሁለቱን ጎን ለኩ። የለካችሁትንም፣ የተጻፈበትንም እዚህ ጻፉልኝ።

የካዛንቺስ_ልጅ

ጋሽ ጥበቡ ለ18 ዶላር ዕቃ እንደ መንኩራኩር ነው ያደረጉት። ከላዩ ካበጠ ሞቷል፣ ካላበጠ ደህና ነው፣ በቃ።

ጥበቡ_ዳላስ

ካበጠ ሞቷል፣ እሱስ ልክ ነህ። ካላበጠ ደህና ነው የሚለው ግን ስንቱን ሞተር ለቆሻሻ ዳርጓል። ማበጡ ውስጡ ጋዝ ፈጥሮ ክዳኑን ሲገፋው ነው። ቀስ በቀስ የሚደክም ካፓሲተር ፊቱ እንደ አዲስ ሆኖ ውስጡ ግማሽ ሊሆን ይችላል።

እመ_ናሆም አርብ ከሰዓት

ለክተናል! ቴስተሩን ጎረቤታችን አዋሰን። ክዳኑ ጠፍጣፋ ነው፣ አላበጠም፣ ዘይትም አልወጣውም። የተጻፈበት 45 እና 7.5 ማይክሮፋራድ፣ 440 ቮልት፣ ከተጻፈው 6 ከመቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ይላል። የለካነው፦ ከሲ ወደ ኸርም 44.1፣ ከሲ ወደ ፋን 1.9። ሦስት ጊዜ ደግመነዋል፣ ያው 1.9 ነው።

ባለቤቴ ዕቃ መሸጫው ጋ ደርሷል፤ 45 እና 7.5 አግኝቷል፣ 26 ዶላር። ይግዛ?

የካዛንቺስ_ልጅ

አልኩ አይደል! ይግዛ ይግዛ። 🎉

ጥበቡ_ዳላስ

ይጠብቅ! አምስት ደቂቃ።

ምርመራችሁ ጥሩ ነው። የኮምፕሬሰሩ ጎን ደህና ነው፣ 45 የተባለ ከ42.3 በታች ካልወረደ አልከሰውም። የፋኑ ጎን ሞቷል፣ በ1.9 ሞተር አይነሳም። ያስቆመኝ 7.5 የሚለው ቁጥር ነው። በዚህ ዓይነት ኤሲ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የማየው 5 ነው። 7.5 የሚፈልግ ሞተርም አለ፣ ስለዚህ ስህተት ነው አልልም። ግን ካፓሲተሩ ላይ የተጻፈው ከሱ በፊት የነበረው ሰው ምን እንደገዛ ብቻ ነው የሚነግርሽ። ሞተሩ ምን እንደሚፈልግ የተጻፈው ሞተሩ ላይ ነው። ከላይ በፍርግርጉ በኩል የስልኩን መብራት አብርተሽ የሞተሩን ጎን ተመልከቺ፣ የብረት ወይም የወረቀት መለያ አለው። መንቀያው እንደተነቀለ ይሁን!

እመ_ናሆም

ስልኬን በፍርግርጉ አስገብቼ ቪዲዮ ቀረጽኩት (ሊወድቅብኝ ነበር)። 1/4 ፈረስ ጉልበት፣ 1075 ዙር፣ 208-230 ቮልት፣ 1.4 አምፔር ይላል። ከታች በትንሹ ደግሞ "5 ማይክሮፋራድ፣ 370 ቮልት"።

ሌላም ያየሁት፣ የሞተሩ ቀለም ከሳጥኑ በጣም አዲስ ነው። ሽቦዎቹም ረዘም ብለው በፋሼታ ተጠቅልለው ታስረዋል።

ጥበቡ_ዳላስ

በቃ፣ ታሪኩ ይኸው። ሞተሩ ከፋብሪካ የመጣው አይደለም። አንድ ሰው ሞተር ቀይሯል፣ የድሮው ሞተር ምናልባት 7.5 የሚፈልግ ነበር፣ ካፓሲተሩን ግን ሳይቀይር ትቶታል። ወይም መኪናው ውስጥ የነበረው እሱ ብቻ ነበር። ሁለቱንም አይቻለሁ።

ባለ 5 ሞተር ላይ 7.5 ሲደረግ ይሠራል፣ እንዲያውም ቶሎ ይነሳል፣ ችግሩ እሱ ነው። ሁለተኛው ጥቅልል ከሚገባው በላይ አምፔር ይጠጣል፣ ሞተሩ ይግላል፣ የኩሺኔታው ቅባት ይደርቃል። የሰማሽው መፋተግ ከዚህ ሊሆን ይችላል። የሚያስቀው ደግሞ፣ ካፓሲተሩ ከ7.5 እየደከመ ሲወርድ 5 ላይ ያለፈባቸው ወራት ነበሩ፤ ያን ጊዜ ነው ሞተሩ ደልቶት የኖረው።

ባለቤትሽ 45 እና 5 ይግዛ፣ 440 ቮልት የተጻፈበት። ሞተሩ 370 ማለቱ አያሳስባችሁ፤ ቮልቱ ካፓሲተሩ የሚችለው ጣሪያ ነው፣ ከፍ ቢል አይጎዳም። 440 የነበረበት ቦታ 370 ማስገባት ግን አይሆንም። ማይክሮፋራዱ ላይ እንደዚህ ያለ ልግስና የለም፣ ሁለቱም ቁጥር ልክ መሆን አለበት። አዲሱንም ሳትሰኩት ለኩት፤ ከሳጥኑ አዲስ ወጥቶ የሞተ አጋጥሞኛል።

ድሬ_ከዚራ

ይሄን ሳነብ ድሬዳዋ የሠራሁት ትዝ አለኝ። የሳሎኑ ጣሪያ ማራገቢያ ዘገምተኛ ሆኖ 2.5 ካፓሲተር ነበረው፣ ለክቼ አላውቅም። ልጁ "ትልቅ ካደረግንበት ይፈጥናል" ብሎ 4 አስገባልን። እውነትም ፈጠነ! ሁለት ሳምንት ጎረቤት እየመጣ ተቀዘቀዘበት። በሦስተኛው ሳምንት እራት ላይ ሽታ ሸተተን፣ ቀጥሎ ጭስ። ሞተሩን ለማስጠቅለል የከፈልኩት የአዲስ ማራገቢያ ግማሽ ሆነ። አሮጌው 2.5 ብቻውን ደክሞ እንደነበር የነገረኝ የጠቀለለው ሰውዬ ነው።

የካዛንቺስ_ልጅ

እሺ፣ ቁጥሩን ከሞተሩ ላይ ማየት የሚለውን ተቀብያለሁ። አሁን የኔንም ወጥቼ ማየት አለብኝ 😅 የኔ አሮጌው ላይ የነበረውን ነው የገዛሁት።

እመ_ናሆም ቅዳሜ

45 እና 5 ገዛን፣ 24 ዶላር። ሳይሰካ ስንለካው 45.3 እና 5.0። በፎቶው መሠረት ሰካነው፣ ክዳኑን ዘጋን፣ መንቀያውን መለስን። ቴርሞስታቱን ሳወርደው ማራገቢያው ሳይንተፋተፍ ተነሳ! ባለቤቴ ጓሮ ቆሞ እልል አለ፣ ወንድ ልጅ እልል ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? በአንድ ሰዓት ተኩል ቤቱ ከ84 ወደ 77 ወረደ።

አሁን ጥያቄዬ። ጎረቤታችን ሽቦውን እቅፍ የሚያደርግ አምፔር መለኪያ ነበረው። ወደ ማራገቢያው ሞተር የሚሄደውን አንዱን ሽቦ ብቻ ለየብቻ አድርጎ ሲለካ መጀመሪያ 1.3 አለ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ 1.5። መለያው ላይ 1.4 ነው ያለው። ይሄ ችግር ነው?

ኤሌክትሮን

ያ መለኪያ በትንሽ አምፔር ላይ ብዙ አይታመንም። 0.1 ልዩነት ምንም ላይሆን ይችላል። ሽቦውን ሦስት ጊዜ በመለኪያው አፍ ጠቅልላችሁ ለኩና የወጣውን ለሦስት አካፍሉ፣ ይሻላል። ጠቅልሉ ያልኩት ኃይሉ ተቆርጦ ነው።

ጥበቡ_ዳላስ

ጥሩ ምክር ነው፣ እንደሱ ለኪ። ቮልቱንም ጎን ለጎን ለኪው፤ በሞቃት ከሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ኤሲ ሲያበራ ይወርዳል፣ ያን ጊዜ አምፔሩ ከፍ ይላል።

ያም ሆኖ የኔ ግምት ሞተሩ ተጎድቷል ነው። አራት አምስት ዙር ብቻ የሚንሳፈፍ፣ የሚፋተግ፣ ሲግል አምፔሩ የሚወጣ፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ አልወድም። ዛሬ አይሞትም። በነሐሴ አንድ ቅዳሜ፣ እንግዳ በጠራሽበት ቀን ይሞታል። እኔ ብሆን ሞተሩን አሁን አዝዤ በረድ ያለ ጠዋት ላይ እቀይረው ነበር። ከቀየርሽ ደግሞ የአዲሱን መለያ አንብቢ፣ 5 ካላለ ካፓሲተሩም አብሮ ይቀየራል።

የካዛንቺስ_ልጅ

ጋሽ ጥበቡ፣ በዚህ እንኳን አልስማማም። እየሠራ ያለ ሞተር ምን በወጣው? መስከረም ድረስ ከቆየ ክረምቱን ያርፋል፣ በሚያዝያ ታየዋለች። ብሯን ለምን አሁን ታወጣለች?

ጥበቡ_ዳላስ

ሲቆም ይዞት የሚሄደው ኮምፕሬሰሩን ስለሆነ ነዋ። ቤት ውስጥ ሰው በሌለበት ሰዓት ከቆመ ማን ነው "እምም" የሚለውን የሚሰማው?

እመ_ናሆም ሰኞ

በሦስት ዙር ጠቅልለን ለካነው። ትናንት 97 ዲግሪ በነበረ ሰዓት 1.46፣ ቮልቱ 236። ዛሬ ጠዋት 1.33። ባለቤቴ "1.4 ነው እኮ በቃ" ይላል፣ እኔ መፋተጉን አሁንም የምሰማ ይመስለኛል። ሞተሩን ዋጋ ጠይቄያለሁ፣ 140 ዶላር። እስካሁን አላዘዝኩም። እቤት ከሌለን ቴርሞስታቱን 80 ላይ እያደረግን ነው።

ድሬ_ከዚራ

እመ ናሆም፣ የሚሸት ነገር ካለ ግን አትጠብቂ።

ሻርጃ_ነኝ

ይቅርታ መሐል ስገባ። ጋሽ ጥበቡ፣ ቦርዱ ላይ ቀይ መብራት አምስት ጊዜ ብልጭ ብሎ ያቆማል፣ ደግሞ ይደግማል። ይህንን ልቁጠር ወይስ ዝም ብዬ ሰው ልጥራ?

ጥበቡ_ዳላስ

ቁጠረው። አዲስ ክር ክፈትና የሞዴሉን ቁጥር ጻፍልኝ፣ ይህኛው የእመ ናሆም ነው።